አለቃዬ በቀን ስምንቴ ሲደውል፦ ከነዝናዛ አለቃ ጋር ሳይረበሹ የመሥራት ዘዴ

ግንቦት መጨረሻ ነበር። መጋዘን ውስጥ የዩሪያ ቁልል ፊት ቆሜ እቆጥራለሁ። አንዱ ንብርብር 20 ከረጢት ነው። ቁመቱ 10 ንብርብር። ስለዚህ አንድ ቁልል 200 ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ 100 ኩንታል ማለት ነው። ሰባተኛው ቁልል ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ናቸው።

«ስንት ደረስሽ?»

«እየቆጠርኩ ነው ጋሼ።»

ዘጉት። ስመለስ ሰባተኛው ላይ ልሁን ስምንተኛው ላይ ጠፋብኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «አሁንስ?» በሩ ላይ የቆመው ዘበኛችን ሳቀና «እታለም፣ ዛሬ ማዳበሪያውን ሳይሆን ስልኩን ነው የምትቆጥሪው» አለኝ።

የምሠራው ጎጃም ውስጥ፣ ለገበሬው የማዳበሪያ ግብዓት በሚያቀርብ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙ ይቅር። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ደብዳቤ ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። መኪና ሲመጣ ከሾፌሩ ቀድመው ይደውላሉ። የላኩትን ሳልጨርስ «ምን ላይ ደረሰ?» ይላሉ። ማታ ቤቴ ስገባ እጄ ስልኬን ብቻ ይጠብቃል። ሲጮህ ደረቴ ይመታል፤ ሳይጮህም «ለምን አልደወሉም?» እላለሁ።

ቀጥሎ የማወራው ከዚያ የወጣሁበትን መንገድ ነው። አለቃዬን አልቀየርኳቸውም። የጥያቄውን ብዛት ግን ቀንሼዋለሁ፤ የቀረው ሲመጣም እጄ አይንቀጠቀጥም። የእናንተ ሥራ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ።

መጀመሪያ፦ አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ መዝግቡ

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ደብተር ያዙ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ላይ ጠየቁ? ምን ጠየቁ? መልሱን ምን አደረጉበት? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ዋናው ግን እሱ ነው።

እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መዘገብኩ። ስልኩም፣ ቴሌግራሙም፣ ቢሮዬ ድረስ መጥተው የጠየቁኝም ተደምሮ 47 ሆነ። በቀን ወደ ስምንት ነው። ከመመዝገቤ በፊት ብትጠይቁኝ «መቶ ጊዜ ይደውላሉ» እል ነበር። ቁጥሩን ሳየው ራሱ ትንሽ ቀለለኝ።

ከዚያ በዓይነት ለየሁት። 21ዱ ስለ ክምችት ነበሩ፤ ስንት ኩንታል ቀረ፣ መኪናው ገባ ወይ፣ የትኛው መሠረታዊ ማኅበር ወሰደ። 14ቱ «ያ ደብዳቤ ወጣ?» ዓይነት ናቸው። ስምንቱ የቃላት እርማት ነበሩ፤ «እንዲደረግ» የሚለውን «እንዲፈጸም» በይው፣ ማኅተሙ ወደ ግራ ይሁን፣ እንዲህ ዓይነት። የቀሩት አራቱ ብቻ እውነተኛ ችግር ነበሩ፤ ማለትም እሳቸው ባይጠይቁ እኔ የምስተው ነገር። አራቱን በሐቀኝነት መቁጠር ያስፈልጋል። እኔ አንዱን መጀመሪያ «ነገር ፍለጋ ነው» ብዬ ትቼው ነበር። በኋላ ሳየው ወጪ ደረሰኙ ላይ የተቀባዩ ፊርማ በእርግጥ አልነበረም። ልክ ነበሩ።

ሰዓቱን ሳይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ከ47ቱ 29ኙ የመጡት ወይ ጠዋት ከ3:00 እስከ 4:00፣ ወይ ከሰዓት ከ9:30 እስከ 10:30 ባለው ጊዜ ነው። ለምን እንደሆነ ጸሐፊዋ ነገረችኝ። ዞን ጠዋት 4:00 ላይ ይደውላል። ከሰዓት ደግሞ ዞኑ ለክልል ከማስተላለፉ በፊት 10:30 ላይ ይደውላል። አለቃዬ ቁጥር በእጃቸው ሳይኖር ስልክ የሚያነሱበትን ቅጽበት ይፈሩ ነበር። የሚሸሹት ያንን ነበር፤ ሥራዬን አልነበረም።

ነዝናዛ አለቃ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። ግን መጀመሪያ ፈትሹት። ጥያቄው በሰዓት ከተሰበሰበ ከላይ የሚገፋ ሰው አለ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ተበትኖ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ወይ ሥራውን አያውቁትም፣ ወይ ከዚህ በፊት ሰው አታልሏቸዋል፣ ወይ ደግሞ ከእናንተ ጋር የግል ነገር አለ።

ሁለተኛ፦ ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ጥያቄ ጠይቁ

ይህ አንድ ንግግር ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። በስብሰባ ላይ አይሆንም፣ ሰው ባለበት አይሆንም። በሰው ፊት ከሆነ ነቀፋ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ምን ብትሉ አይሰሙም። እኔ ከምሳ በኋላ፣ 7:30 ላይ፣ ቢሮው ገና ሳይሞላ ገባሁ።

ያልኩት ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ዞን ሲደውልልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት ቁጥር የትኛው ነው? እኔ ቀድሜ ላዘጋጅልዎት ነው።»

አያችሁ፣ «ለምን ይደውሉልኛል?» አላልኩም። «እመኑኝ»ም አላልኩም። «እመኑኝ» ማለት እዚህ አገር ጥርጣሬ ይጨምራል። አለቃዬ ትንሽ ዝም አሉና ወረቀት አወጡ። አራት ነገር ጻፉልኝ፦ የትናንት ቀሪ፣ የዛሬ ገቢ፣ የዛሬ ወጪ፣ በመንገድ ላይ ያለ መኪና። ከዚያ ሌላ የሚጠየቁት ነገር አልነበረም። አርባ ሰባት ጥያቄ ጠይቀውኝ አራት ቁጥር ነበር የፈለጉት!

መልሱ ግልጽ ካልሆነ «የመጨረሻው ጊዜ ሳላሳውቅዎት የቀረሁት ነገር ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የቆየ ቂም ካለ እዚህ ላይ ይወጣል። መራራ ቢሆንም መስማት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ከጥያቄው ቀድማችሁ መልሱን ላኩ

ጠቅላላው ነገር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ሁለት ሰዓት ወሰንኩ። ጠዋት 3:00 እና ከሰዓት 9:30። ሁለቱም ጥያቄው ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከዞኑ ስልክም አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። 3:30 ላይ ብልክ ኖሮ ግማሹ ጥያቄ አስቀድሞ መጥቶ ነበር። መልዕክቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። ቅርጹን መቀየር የለባችሁም። ሰውየው ዓይኑን ሲጥል የትኛው መስመር ላይ ምን እንዳለ በልማድ ማወቅ አለበት። አንዱ ይኸው፦

የሰኔ 3 ጠዋት፣ ዩሪያ።
የትናንት ቀሪ፦ 1,240 ኩንታል።
ገቢ፦ 400 ኩንታል (አንድ መኪና፣ ተቆጥሮ ገብቷል)።
ወጪ፦ 385 ኩንታል (ሦስት ማኅበራት)።
አሁን በመጋዘን ያለ፦ 1,255 ኩንታል።
በመንገድ ላይ፦ አንድ መኪና፣ ደብረ ማርቆስን አልፏል።
የእርስዎ ውሳኔ የሚፈልግ፦ የለም።
ቀጣይ መልዕክት፦ 9:30።

ስለ እያንዳንዱ መስመር የማብራራው ብዙ የለም። ስለ ሁለቱ የመጨረሻ መስመሮች ግን አለኝ። «የእርስዎ ውሳኔ የሚፈልግ፦ የለም» የሚለው አለቃውን ከመጠበቅ ያሳርፈዋል። ሳይጻፍ ሲቀር «ምን የደበቁኝ ነገር አለ?» ይላል። «ቀጣይ መልዕክት፦ 9:30» የሚለው ደግሞ ስልኩን የሚያቆመው መስመር ነው። መቼ እንደሚያውቅ ያወቀ ሰው ይጠብቃል። መቼ እንደሚያውቅ ያላወቀ ሰው ይደውላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው። አንዱ ማዘግየት ነው። 9:30 ብላችሁ 9:50 ከላካችሁ ሁለት ሳምንት የሠራችሁት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ቁጥሩ ሙሉ ባይሆን እንኳን በሰዓቱ ላኩ፤ «ወጪው እየተቆጠረ ነው፣ 10:00 ላይ እሞላዋለሁ» በሉ። ሁለተኛው ማብዛት ነው። ታታሪ ለመምሰል ሃያ መስመር የሚልክ ሰው አለ። ሃያ መስመር ሃያ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። ሦስተኛው መጥፎ ዜናን ለመልዕክቱ ሰዓት ማቆየት ነው። ይህ ክልክል ነው። አንድ ቀን ዝናብ በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ ስድስት ከረጢት ረጠበ። ወዲያው ደወልኩ፤ ሰዓት አልጠበቅኩም። «ጋሼ፣ ስድስት ከረጢት ዩሪያ ረጥቧል። ለይቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ቁልሉንም ከቀዳዳው ሥር አንስቻለሁ። ቃለ ጉባኤ የሚፈርም ሰው ያስፈልገኛል።» ምን ሆነ፣ ምን አደረግኩ፣ ምን እፈልጋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጡ «እሺ» አሉኝ።

አራተኛ፦ ስልኩ ግን ይጮሃል

በመጀመሪያው ሳምንት መልዕክቱን ልኬም ደወሉ። እንደውም ጨመረ፤ ሰውየው እየፈተኑኝ ነበር። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ «ዘዴው አልሠራም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

በዚያ ሳምንት «ልኬልዎታለሁ እኮ!» ማለት በጣም ያምራል። አትበሉት። እውነት ቢሆንም ጠብ ይጀምራል። በምትኩ መልሱን ራሱን ስጡ፣ ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ጨምሩ፦ «1,255 ነው ጋሼ። የወጣውን ደግሞ 9:30 ላይ ያገኙታል።» አሥር ሰከንድ ነው። ድምፃችሁ አይቸኩል፣ ማብራሪያ አትጨምሩ። ማብራራት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የሚረዝመው።

ይህን ለማለት ቁጥሩ እጃችሁ ላይ መሆን አለበት። በአእምሮ አይያዝም። እኔ ትንሽ ካርቶን ቆርጬ አራቱን ቁጥር በእርሳስ እጽፍና ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። እያንዳንዱ መኪና ሲወጣና ሲገባ አጥፍቼ እጽፋለሁ። የተረጋጋሁት ከዚህ በኋላ ነው። የሚያስደነግጠው ስልኩ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ «አላውቅም» ማለቱ ነበር።

ቆጠራው ደግሞ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። በጠመኔ ቁልሉ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። አንድ ቁልል ቆጥሬ ስጨርስ ከረጢቱ ጎን ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ስልኩ መሐል ላይ ቢጮህ የምመለስበትን አውቃለሁ። ቢሮ የምትሠሩ ከሆናችሁ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት እየጻፋችሁት ባለው ዓረፍተ ነገር ጎን «ቀጥሎ፦» ብላችሁ ሦስት ቃል ጻፉ። የሚያደክመው ስልኩ የሚወስደው ደቂቃ አይደለም። የት እንደነበርን ፍለጋው ነው።

ሰውነታችሁ እስኪለምድ ድረስ አንድ ነገር ይረዳል። ስልኩ ሲጮህ ሁለት ጊዜ ይጩህ። በዚያ መሐል አንዴ አየር አስገቡና ካስገባችሁበት እጥፍ ጊዜ ወስዳችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ረዥም ትንፋሽ ማውጣት የልብ ምትን ያዘገያል። ከዚያ አንሱ። ሁለቴ መጮሁን ማንም አያስተውልም።

አምስተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ጠይቁ፣ አንድ ብቻ

በ1979 እንደ ፈረንጆቹ ሮበርት ካራሴክ የሚባል ተመራማሪ ስለ ሥራ ጭንቀት አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሰውን የሚጎዳው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሥራ ይዞ የመወሰን መብት ማጣት ነው የሚል። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ግን ደብተሬ ያንኑ ይነግረኝ ነበር። ያደከሙኝ ስለ ክምችት የተጠየቅኳቸው 21ዱ አልነበሩም። «እንዲፈጸም» በይው የሚሉት ስምንቱ ነበሩ።

ስለዚህ ስልኩ ቀነስ ካለ በኋላ ትንሽ የውሳኔ ክልል ጠይቁ። ትንሽ ይሁን፣ ገንዘብ የሌለበት ይሁን፣ የሚቆይበት ጊዜ ይኑረው። የእኔ ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ ለማኅበራቱ የምንጽፈውን የማሳወቂያ ደብዳቤ ለአንድ ሳምንት እኔው ጽፌ ላውጣው። ግልባጩን አርብ ላይ በአንድ ፋይል አስገባልዎታለሁ። ያልጣመዎት ካለ ከሚቀጥለው ሳምንት ወደ በፊቱ እንመልሰዋለን።» ወደ በፊቱ መመለስ መቻሉ ነው እሺ ያሰኛቸው። አርብ ዕለት ሰባት ደብዳቤ አስገባሁ። ሁለቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉበት። አምስቱን አለፉት። የሚቀጥለው ሳምንት ማንም ስለዚህ ነገር አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። እንዲህ ነው የሚጸናው።

አንዳንድ ሰው ሽማግሌ ይላክ፤ አለቃው የሚያከብሩት ነባር ሠራተኛ ካለ ያማልድ ይላል። እኔ መጀመሪያ ላይ አልመክርም። ሽማግሌ ሲገባ ነገሩ ጠብ መሆኑ ይታወጃል። አለቃው ደግሞ «ለሰው ከሰሰችኝ» ይላሉ። ነገሩ በእርግጥ ጠብ ከሆነ በኋላ ግን ከስብሰባ ይሻላል።

የማታውን ስልክ በተመለከተ አጭር ነው የምለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በሥራው ግፊት መሐል ግን አዋጅ ጠቅሶ ስልክ መዝጋት አይሠራም። እኔ ያደረግኩት ሰኔን ሙሉ ማታ 1:00 ላይ ሦስተኛ አጭር መልዕክት መጨመር ነበር፤ «መጋዘኑ ታሽጓል፣ ቀሪው ይህ ነው፣ ቀጣዩ ጠዋት 3:00» የሚል። ከዚያ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ።

የማይሠራበት ጊዜ

በአራተኛው ሳምንት እንደገና መዝግቡ። የእኔ ከ47 ወደ 16 ወርዶ ነበር። የእናንተ ካልወረደ ምክንያቱን ደብተራችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ጥያቄው በየቀኑ ይቀያየራል? ትናንት «ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብለው ዛሬ «ይህን ደግሞ ትጠይቂኛለሽ?» ይላሉ? መልሱን የትም አያደርሱትም? እኩል ሥራ ያላቸውን ሌሎች ትተው እናንተን ብቻ ነው? በሰው ፊት ነው የሚጠይቁት? እነዚህ ሁለት ሦስቱ ከተገጣጠሙ ሰውየው መረጃ አይደለም የሚፈልጉት። መልዕክቱ ያን አያድነውም።

ያኔ መልዕክቱን አታቁሙ፤ ዓላማው ግን ይቀየራል። ከእንግዲህ የእናንተ ማስረጃ ነው። በቃል የተሰጣችሁን ትዕዛዝ በጽሑፍ አረጋግጡ፦ «ዛሬ ጠዋት ባዘዙኝ መሠረት...» ብላችሁ። ቅጂውን ያዙ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ዝርዝር ቀንና ሰዓት ይዛችሁ ስትሄዱ ነው የሚሰማችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሥር ያላችሁ ደግሞ መልቀቅ ካሰባችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ። ተናድዶ ቁልፍ ጥሎ መውጣት፣ በተለይ የመጋዘን ቁልፍ፣ ሳይረካከቡ የጎደለውን ሁሉ በራስ ላይ መጫን ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለሁለት ቀን ኔትወርክ ጠፋ። ቴሌግራም የለም፣ ስልክ የለም። 3:00 ሲል ስምንቱን መስመር በወረቀት ጻፍኩና በዘበኛው ላክሁት። ትንሽ ቆይቶ አለቃዬ ራሳቸው ወረቀቱን ይዘው መጋዘን መጡ። ቁልሉን ቀና ብለው አዩ። የጠመኔውን መስመር ቆጠሩ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ምንም ሳይሉ ወጡ። ዘበኛው በዓይኑ ሸኛቸውና ወደ እኔ ዞረ። ልንስቅ ስንል ከበሩ ተመለሱ።

«ፊርማ የለውም» አሉኝ፣ እስክሪብቶ ዘርግተው።